አልፋ 0.96 ወጣ ማለት ኢንዴክሱ መልካም አስተዳደርን ለካ ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ «ስድስት ኪሎ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ለሪሰርች ሜተድስ አሳይመንት የዓለም ባንክን ስድስት የአስተዳደር አመልካቾች ለ54 የአፍሪካ አገሮች ወስጄ፣ አማካያቸውን አውጥቼ ‹የመልካም አስተዳደር ኢንዴክስ› ሠራሁ። ክሮንባክ አልፋ 0.96 ሆነ። ለተገቢነቱ ደግሞ ከትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል የሙስና ኢንዴክስ ጋር አስተያየሁትና ተዛምዶው ከ0.9 በላይ መጣ። መምህሬ ግን ‹ሁለቱም ማስረጃ አይሆኑም› ብሎ መለሰልኝ። ምኑ ነው የጎደለው? ሳይረፍድብኝ ምን ላስተካክል? ግራ የገባኝ እህታችሁ።»

መልስ፦ መምህርሽ ትክክል ነው። ቁጥሮችሽ ስህተት ሆነው አይደለም፤ የማይመልሱትን ጥያቄ እንዲመልሱ ስለተጠየቁ ነው።

ከአልፋው እንጀምር። አልፋ የሚሠራው በሁለት ነገሮች ብቻ ነው፦ ስንት መለኪያ እንዳለሽና መለኪያዎቹ በአማካይ ምን ያህል አብረው እንደሚንቀሳቀሱ። መለኪያዎቹ ወደ አንድ ዓይነት ስፋት ሲመጡ ቀመሩ እንዲህ ነው።

```
alpha = k*r / (1 + (k-1)*r)
```

k የመለኪያዎቹ ብዛት፣ r በመካከላቸው ያለው አማካይ ተዛምዶ ነው። ስድስት መለኪያና 0.8 አማካይ ተዛምዶ ካለሽ ላይ 4.8፣ ታች 5 ይሆናል፤ ሲካፈል 0.96። ያንቺው ቁጥር ማለት ነው። እንግዲህ አልፋሽ የነገረሽ ይህን ብቻ ነው፤ ስድስቱ ዓምዶች በአማካይ 0.8 አካባቢ ይዛመዳሉ። ተዛምዶው ወደ 0.5 ቢወርድ እንኳ አልፋው 0.86 ይሆናል፤ ሁሉም ተማሪ እንደ ሕግ የሚጠቅሳትን 0.7 በቀላሉ ያልፋል። ምን እየተለካ እንደሆነ ግን አንዲት ቃል አልተናገረም።

ቀጥሎ ደግሞ ለምን እንደሚዛመዱ ጠይቂ። እነዚህ አመልካቾች፣ የዳንኤል ካውፍማንና የአርት ክራይ ሥራ፣ ራሳቸው ጥምር ናቸው። እያንዳንዱ ዘርፍ ከብዙ ምንጮች የተሰበሰበ ነው፦ የባለሙያ ግምገማዎች፣ የንግድ አደጋ ተንታኝ ድርጅቶች፣ የቤተሰብና የድርጅት ዳሰሳዎች። ብዙዎቹ ምንጮች ደግሞ ከአንድ ዘርፍ በላይ ይገባሉ። የኢኮኖሚስት ኢንተለጀንስ ዩኒት ግምገማ ለምሳሌ በስድስቱም ውስጥ አለ። አንድ ተንታኝ ስለ አንድ አገር በአንድ ጊዜ ተቀምጦ የሙስናውን፣ የሕግ የበላይነቱንና የመረጋጋቱን ነጥብ ሲሞላ፣ ስለዚያ አገር ያለው አጠቃላይ ስሜት ሦስቱንም አብሮ ይጎትታል። ተሳስቶ ከሆነም ሦስቱም ላይ አንድ ላይ ነው የሚሳሳተው። አልፋ ይህን የጋራ ስህተት ከእውነተኛ ዝምድና መለየት አይችልም። እንዲያውም እንደ «ወጥነት» ቆጥሮ ነጥብ ይጨምርልሻል።

ስድስት ኪሎ አካባቢ ዳታ ሠርተው በሚሰጡ ቤቶች በኩል የሚያልፉ ጽሑፎች ላይ ይህ ነገር በጣም ይታያል። አልፋ ይወጣል፣ «ከ0.7 በላይ ስለሆነ አስተማማኝ ነው» ተብሎ ይጻፋል፣ ያልቃል። ለሃያ ጥያቄ የሥራ እርካታ መጠይቅ ይህ በመጠኑ ያስኬዳል። ለአገር ደረጃ ጥምር ኢንዴክስ ግን አያስኬድም። ምክንያቱም ከአልፋ በስተጀርባ አንድ ግምት አለ፦ ከሥር አንድ ነገር አለ፣ መለኪያዎቹ ሁሉ የእሱ ምልክቶች ናቸው የሚል። የተጨነቀ ሰው እንቅልፉም፣ የምግብ ፍላጎቱም፣ ትኩረቱም አብረው ይለወጣሉ፤ እዚያ ላይ አልፋ ትርጉም አለው።

ያንቺ ኢንዴክስ ግን ከዚህ ይልቅ የኑሮ ውድነትን ከመለካት ጋር ይቀራረባል። የጤፍ ዋጋ፣ የፒያሳ የቤት ኪራይና የታክሲ ታሪፍ ተደምረው የአንድን ቤተሰብ ወጪ ይሠራሉ። ጤፍ ሲወደድ ኪራይ ባይጨምር ቅርጫቱ አይበላሽም፤ ሁለቱም የወጪው ክፍል ናቸው። መልካም አስተዳደርን «ድምፅና ተጠያቂነት፣ መረጋጋት፣ የመንግሥት ውጤታማነት፣ የሬጉሌሽን ጥራት፣ የሕግ የበላይነት፣ ሙስናን መቆጣጠር አንድ ላይ» ብለሽ ከተረጎምሽው፣ ክፍሎቹ ናቸው ኢንዴክሱን የሚሠሩት እንጂ ኢንዴክሱ ክፍሎቹን አይሠራም። እንዲህ ባለ ኢንዴክስ አልፋ ዝቅ ቢል ጉድለት አይደለም፣ ከፍ ቢልም ሙገሳ አይደለም። እንዲያውም ስድስቱ ያን ያህል አብረው የሚሄዱ ከሆነ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ ታዲያ ለምን ስድስት ሆኑ? ተመራማሪዎቹ ላንግቤይንና ናክ እ.ኤ.አ. በ2010 ያነሱት ይህንኑ ነው፤ ስድስቱ በእርግጥ የተለያዩ ነገሮችን እየለዩ ነው ወይስ አንድ ሰፊ ስሜትን ስድስት ጊዜ እየለኩ? ስለዚህ 0.96ሽ ለመለያየት ችሎታቸው የተቃውሞ ማስረጃ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። አሳይመንቱ ላይ ይህን መጻፍ ብቻውን ጥሩ ነጥብ ነው።

አሁን ወደ አስተማማኝነት። ደስ የሚለው፣ የምትፈልጊው ነገር ካወረድሽው ዳታ አጠገብ አለ፤ ምናልባት ዓምዱን ዘለልሽው። እያንዳንዱ የአገር ነጥብ የራሱ ስታንዳርድ ኤረር አለው፣ ስንት ምንጭ እንደገባበትም ተጽፏል። በዓለም ባንክ ዳታቤዝ ላይ ለመንግሥት ውጤታማነት `GE.EST` ነጥቡ፣ `GE.STD.ERR` ስታንዳርድ ኤረሩ፣ `GE.NO.SRC` የምንጮቹ ብዛት ነው። ለሙስና መቆጣጠር `GE` በ`CC` ይተካል። ነጥቡ በግምት ከ−2.5 እስከ 2.5 ባለ ስፋት ይሰጣል። አዘጋጆቹ እያንዳንዱን ምንጭ የማይታየው አስተዳደር ምልክት ሲደመር ስህተት አድርገው ይቆጥሩታል። ከሌሎቹ ጋር ይበልጥ የሚስማማው ምንጭ የበለጠ ክብደት ያገኛል። ምንጮች ሲያንሱ ወይም ሲለያዩ ስታንዳርድ ኤረሩ ይሰፋል።

ይህን በተግባር እይው። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ብቻ የያዝኳቸው ናቸው። አንዱ አገር −0.60፣ ሌላው −0.40 አለው እንበል፤ የሁለቱም ስታንዳርድ ኤረር 0.20 ነው። ልዩነቱ 0.20። የልዩነቱ ስታንዳርድ ኤረር የሁለቱ ካሬ ድምር ሥር ነው፤ 0.04 ሲደመር 0.04 ሥሩ ወደ 0.28 ይሆናል። 0.20 ለ0.28 ሲካፈል 0.7 አካባቢ። አዘጋጆቹ በሚጠቀሙበት 90 በመቶ ደረጃ ለመድረስ 1.64 ያስፈልግ ነበር። እነዚህ ሁለት አገሮች አልተለዩም ማለት ነው። በደረጃ ሠንጠረዥ ላይ ግን አንዱ ከሌላው ብዙ ቦታ ርቆ ሊቀመጥ ይችላል፣ በተለይ አገሮች ተጨናንቀው በሚገኙበት መሃል አካባቢ። «እገሌ ከእገሌ ይበልጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር ጽሑፍሽ ውስጥ ካለ አንድ በአንድ በዚህ አሳልፊው፤ ግማሹ ሊወድቅ ይችላል። አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ ይህ ስሌት የሁለቱ አገሮች ስህተት አይገናኝም ብሎ ነው የሚነሳው። አንድ ተንታኝ ሁለቱንም ከገመገመ በትክክል እንዲህ ላይሆን ይችላል፣ ይህንንም አንድ መስመር አስፍሪበት።

ከዚህ የምትወስጂው ዋና ነጥብ አስተማማኝነት የኢንዴክሱ ቋሚ ባሕርይ አለመሆኑ ነው። በየትኞቹ አገሮች ላይ እንደተጠቀምሽበት ይለወጣል። ቀላል ግምት እንዲህ ነው፦ ከአንድ ላይ፣ አማካይ የስህተት ቫሪያንስ ለነጥቦቹ ቫሪያንስ ሲካፈል የሚገኘውን ቀንሺ። በዓለም ደረጃ የነጥቦቹ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 1 ገደማ ስለሆነ፣ ኤረሩ 0.20 ከሆነ 1 − 0.04 = 0.96። ድንቅ ነው። አሁን አገሮቹን ወደ አፍሪካ አጥብቢና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 0.6 ሆነ እንበል፤ 0.04 ለ0.36፣ ውጤቱ 0.89። አሁንም ጥሩ ነው። እርስ በርስ የሚቀራረቡ ጥቂት ጎረቤት አገሮችን ብቻ ብትወስጂና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 0.25 ቢሆን 0.04 ለ0.0625 ይካፈላል፣ የሚተርፍሽ 0.36 ነው። ያው ኢንዴክስ፣ ያው ዓመት፣ ያው ስታንዳርድ ኤረር። ለዓለም ያገለገለው መለኪያ ለአፍሪካ ቀንድ ንጽጽር ላያገለግል ይችላል። በስታታ ስድስት መስመር ነው፣ `est` ነጥቡ፣ `se` ስታንዳርድ ኤረሩ ሆኖ፦

```
capture drop v
gen v = se^2
summarize v
scalar ev = r(mean)
summarize est
display 1 - ev/r(Var)
```

መጀመሪያ ለ54ቱ፣ ከዚያ የመጨረሻው ምዕራፍሽ ለሚያወዳድራቸው አገሮች ብቻ አሂጂውና ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጪ።

እዚህ ላይ ስድስቱን አማክለሽ የሠራሽው የራስሽ ኢንዴክስ ችግር ብቅ ይላል። የእሱ ስታንዳርድ ኤረር ስንት ነው? የስድስቱ ስህተቶች አይገናኙም ካልሽ 0.20 ለስድስት ሥር ተካፍሎ 0.08 ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ይገናኛሉ ካልሽ ግን 0.20 እንዳለ ይቀራል። እውነቱ በመካከል ያለ ቢሆንም፣ ምንጮቹ የጋራ መሆናቸውን ስላወቅን ወደ ሰፊው ማድላት ነው የሚሻለው። 0.08ን ይዞ «አማከልኩት፣ ትክክለኛነቱ ጨመረ» የሚል ጽሑፍ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ቢያርፍበት አልገረምም። አዘጋጆቹ ራሳቸው ስድስቱን ወደ አንድ ቁጥር አላጠቃለሉም። አንቺ ስታጠቃልዪ ማስረዳቱ ያንቺ ኃላፊነት ይሆናል።

ማማከሉ ሌላም ነገር ይደብቃል። ድምፅና ተጠያቂነት −1.2፣ መረጋጋት 0.0፣ ውጤታማነት 0.3፣ ሬጉሌሽን 0.1፣ ሕግ 0.1፣ ሙስና መቆጣጠር 0.6 የሆነ አገር አለ እንበል። ድምሩ −0.1፣ አማካዩ −0.02። ስድስቱም ዜሮ አካባቢ የሆኑለት ሌላ አገር በትክክል ያንኑ −0.02 ሊያገኝ ይችላል። የመጀመሪያው መገለጫ ከሩዋንዳ ጋር ይመሳሰላል፤ ሙስናን በመቆጣጠር ከአኅጉሩ የተሻለ፣ በድምፅና ተጠያቂነት ግን ዝቅ ያለ። እኩል ክብደት ሰጥተሽ ስትደምሪ «የዜጎች ድምፅ ማጣት በጥሩ ቢሮ አሠራር ይካካሳል» ብለሽ መወሰንሽ ነው። ምናልባት በዚህ ታምኚ ይሆናል። ካመንሽ ግን ጻፊው፣ ተከራከሪለት፤ በሶፍትዌሩ ስር ተደብቆ እንዳያልፍ። «ክብደቱን በፕሪንሲፓል ኮምፖነንት አወጣሁት» ማለትም መውጫ አይደለም። ያ ዘዴ የሚያከብደው ይበልጥ አብሮ የሚሄደውን ነው፤ ይበልጥ አስፈላጊ የሆነውን አያውቅም።

ወደ ተገቢነት። ከሙስና ኢንዴክሱ ጋር ያገኘሽው 0.9 ለምን እንዳልተቆጠረልሽ የሁለቱን የምንጭ ዝርዝር ጎን ለጎን ስታስቀምጪ ወዲያው ይገባሻል። የትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል ኢንዴክስ ከ13 ምንጮች የተሠራ ነው። ኢኮኖሚስት ኢንተለጀንስ ዩኒት፣ የቤርተልስማን ግምገማ፣ የፒ.አር.ኤስ. የአገር አደጋ ምዘና፣ የዓለም ባንክና የአፍሪካ ልማት ባንክ የፖሊሲና ተቋማት ምዘናዎች እዚያም አሉ፣ እዚህም አሉ። የዴሞክራሲ መለኪያ ፕሮጀክቱ ቪ-ደምም ቢሆን በሁለቱም ዝርዝር ይገኛል። ስለዚህ ያነጻጸርሽው በብዙ መልኩ አንድን ዳታ ከራሱ ጋር ነው። በዚያ ላይ ስድስት ዘርፍ ያለውን ሰፊ ኢንዴክስ ሙስናን ብቻ ከሚለካ ኢንዴክስ ጋር ነው ያስተያየሽው። ተዛምዶው ያን ያህል ከፍ ማለቱ የሚያስደነግጥ እንጂ የሚያስደስት አይደለም፤ ሰፊው ነገር ከጠባቡ ጋር አንድ ከሆነ የቀሩት አምስቱ ምን ጨመሩ?

የተገቢነት ሥራ የሚጀምረው ከቁጥር በፊት ነው። ሜሊሳ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ2010 በእነዚህ አመልካቾች ላይ ያነሳችው ትችት ሥሩ እዚህ ነው፤ ጽንሰ ሐሳቡ በደንብ ሳይተረጎም መለኪያው ቀድሞ መጣ የሚል። አንቺም መጀመሪያ ትርጓሜውን በአንድ አንቀጽ አስቀምጪ። ሙስና መቆጣጠርን ብንወስድ የአዘጋጆቹ ትርጉም ትንሹንም ትልቁንም ሙስና፣ ልሂቃንና የግል ጥቅመኞች መንግሥትን መቆጣጠራቸውንም ይጨምራል። ከዚያ የአገሮችሽን ምንጮች አንድ በአንድ እይና ጠይቂ፦ ይህ ምንጭ የሚጠይቀው ስለ የትኛው ነው? የሚመልሰውስ ማነው? ከውጭ የተቀመጠ ተንታኝ ነው፣ ነጋዴ ነው ወይስ ወረዳ ላይ መታወቂያ ሊያወጣ የሄደ ሰው? ክብደት የሚሰጠው ለሚስማሙ ምንጮች ነው ብያለሁ። የባለሙያ ግምገማዎቹ እርስ በርስ ሲስማሙ የቤተሰብ ዳሰሳው ብቻውን ከቀረ፣ ክብደት የሚያጣው የተራው ሰው ድምፅ ይሆናል። አዘጋጆቹ ለትችቶቹ በዝርዝር መልስ ሰጥተዋል፣ ያንንም አንብቢ። ግን ለአንቺ ጥያቄ የማን እይታ ይበልጥ እንደሚያስፈልግ የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

ከዚያ በኋላ ነው ንጽጽሩ። ምንጭ የማይጋራ መለኪያ ፈልጊ። እኔ የምጠቁምሽ ከስሜት ይልቅ ገጠመኝን የሚጠይቅ ነው። የዓለም ባንክ የድርጅቶች ዳሰሳ ቢያንስ አንድ ጊዜ የጉቦ ጥያቄ የገጠማቸውን ድርጅቶች በመቶኛ ያወጣል። የአፍሪካ አገሮችን ሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው አፍሮባሮሜትርም ሰዎች አገልግሎት ለማግኘት ጉቦ ከፍለው እንደሆነ ይጠይቃል። የአፍሮባሮሜትር ሌሎች ጥያቄዎች ኢንዴክሱ ውስጥ ስለሚገቡ ግን የምትወስጃት ጥያቄ በምንጭ ዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለች አረጋግጪ፤ የድርጅቶች ዳሰሳውንም እንዲሁ። ዳሰሳዎቹ በየዓመቱ በሁሉም አገር አይደረጉም፤ የእያንዳንዱን አገር ዓመት ከኢንዴክሱ ዓመት ጋር አጣጥሚ። አገሮችሽ ከ54 ያንሳሉ፣ ችግር የለውም። ስፒርማን ተዛምዶ ተጠቀሚ፤ የጉቦው መቶኛ ሲጨምር ነጥቡ መውረድ ስላለበት የምትጠብቂው አሉታዊ ቁጥር ነው።

ተዛምዶው −0.4 ወይም −0.5 ቢወጣ አትደንግጪ። የድርጅት ዳሰሳው የሚይዘው በአብዛኛው ትንሹን ጉቦ ነው፣ ኢንዴክሱ ደግሞ ትልቁንም እይዛለሁ ይላል። መካከለኛ ተዛምዶ ለትርጓሜሽ የሚስማማ ውጤት ነው። ዜሮ አካባቢ ወይም አዎንታዊ ከሆነ ግን ከባድ ጥያቄ ነው፣ መጻፍ አለበት። ጎን ለጎን የመለየት ችሎታውን ፈትኚ። ያው የጉቦ መቶኛ ከመረጋጋት ወይም ከድምፅና ተጠያቂነት ጋር ያለውን ተዛምዶ አስሊ። ከሙስና መቆጣጠር ጋር ካለው ደከም ካላለ፣ አመልካቹ ሙስናን ለይቶ ሳይሆን አጠቃላይ «ጥሩ አገር፣ መጥፎ አገር» ስሜትን እየለካ ሊሆን ይችላል።

አንድ ሌላ ፈተና ከእኛው አገር አለ። በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነቱ የተጀመረው በኖቬምበር 2020 እ.ኤ.አ. ነው። ዳታውን ሳትከፍቺ ትንበያሽን ጻፊ፦ ከ2019 እስከ 2021 የመረጋጋት ነጥቡ `PV.EST` በግልጽ መውረድ አለበት፣ የሬጉሌሽን ጥራቱ `RQ.EST` ግን በዚያው መጠን መውደቅ የለበትም። ከዚያ ክፈቺው። የመረጋጋቱ ነጥብ በእርግጥም ወርዷል። ሌሎቹ አምስቱ ምን ያህል አብረው እንደተጎተቱ፣ ለውጡ ከስታንዳርድ ኤረሩ ይበልጥ እንደሆነ ስታዪ ስለ ስድስቱ መለያየት ከማንኛውም አልፋ የበለጠ ትማሪያለሽ። በአንድ አገር ላይ ቆሞ ድምዳሜ እንደማይሰጥ ግን አትርሺ፤ የታወቀ ድንጋጤ ያለባቸው ሁለት ሦስት አገሮች ጨምሪ።

ጊዜን በተመለከተ ሁለት ጥንቃቄ። በቀደሙት እትሞች የዓለም አማካይ በየዓመቱ ዜሮ እንዲሆን ይደረግ ስለነበር የአንድ አገር ነጥብ ቢወርድ አገሩ ተበላሸ ብቻ ሳይሆን ሌሎቹ ተሻሉ ማለትም ሊሆን ይችላል። ምንጭ ሲገባና ሲወጣም ነጥቡ ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ `NO.SRC` ዓምዱን በየዓመቱ እይው። ያወረድሽውን እትም ቀን ጻፊ፣ የዚያኑ እትም የዘዴ ማብራሪያም አንብቢ፤ እያንዳንዱ አዲስ እትም የድሮ ዓመታትን ቁጥር ይከልሳል፣ የነጥብ አሰጣጡም ሊለወጥ ይችላል። «የዘንድሮው ካምናው ጋር 0.98 ይዛመዳል» የሚለውንም እንደ አስተማማኝነት አታቅርቢ። አገሮች ቀስ ብለው ስለሚለወጡና ምንጮቹ ያው ስለሆኑ ይህ ቁጥር ሁልጊዜ ከፍ ይላል።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ስድስቱን ማማከሉን ተይው። አንድ ዘርፍ ያዢ፣ ሙስና መቆጣጠር ይሁን፤ ለመፈተኛ የሚሆን የገጠመኝ ዳታ ያለው እሱ ስለሆነ። አልፋውን ከዋናው ጽሑፍ አውጪና አንድ አንቀጽ ላይ ለምን እንደማይመልስ አስረጂ፤ መምህርሽ የጠየቀውን መረዳትሽን ያያል። በአስተማማኝነት ክፍል ስታንዳርድ ኤረሩን፣ በሁለቱ የአገሮች ስብስብ ያወጣሽውን ግምትና የሁለት አገሮች ንጽጽር አንድ ምሳሌ አስገቢ። በተገቢነት ክፍል ትርጓሜውን፣ የምንጮቹን ሠንጠረዥ፣ ከጉቦ ገጠመኙ ጋር ያለውን ተዛምዶና የጦርነቱን ፈተና አቅርቢ። መምህሩ ጥምር ኢንዴክስ የግድ ካለ፣ ከስድስቱ አንዱን እያወጣሽ አምስት አምስቱን ደግመሽ አማክዪና የስንት አገር ደረጃ በብዙ እንደሚዘል አሳዪ። አምስትና ከዚያ በላይ ቦታ የሚዘሉ አገሮች ብዙ ከሆኑ ደረጃውን አትዘግቢ፤ ከላይ፣ መሃልና ታች ብለሽ በሦስት መድቢያቸው።

ጊዜ ካጠረሽ ቀድመሽ የምንጮቹን ሠንጠረዥ ሥሪ። ለኢትዮጵያና ለሌሎች ሁለት አገሮች ብቻ ይበቃል። ከሰዓት በኋላ ላይብረሪ ገብተሽ እስከ ማታ የሚያልቅ ሥራ ነው፣ የቀረው ጽሑፍም ከዚያ ተነስቶ ይጻፋል።